ወራጅ አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የቤት ኪራዩን ነገር ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ አልጨርሰውም፣ ይቆየን። የሩዝ ማብሰያዬን ለጠየቃችሁ፣ ደህና ናት። ዛሬ የማወራው የማክሰኞ ማታውን ነው። አራት ቀን ሆነው፣ ሌሊት ስነቃ እንኳ ያው ነገር ጆሮዬ ላይ አለ።

መጀመሪያ ግን አንድ እርማት አለብኝ። ካንቶኒዝ፣ ይህን የሆንግ ኮንግ ሰው የሚናገረውን ቻይንኛ፣ ጀመርኩ ካልኳችሁ ቀን ጀምሮ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ዘዴ «ጁትፒንግ፣ ጁትፒንግ» ስል ነበር። ስሙ እንደዚያ አይደለም። ሲጻፍ jyut6 ping3 ነው። መጀመሪያ ላይ ያለችው j የኛ «ይ» ናት። ከእሷ ቀጥሎ ያለው yu ደግሞ ከንፈርን ለ«ኡ» አሹላችሁ «ኢ» ስትሉ የሚወጣው ድምፅ ነው። ስለዚህ «ዩትፒንግ» ብትሉ ይቀርባል። ይህን አሳስቼ ካስተማርኳችሁ ሰዎች ጋር ነው ዛሬ የማወራው፣ ስለዚህ ይቅርታ።

እና የማክሰኞው ስህተት የጀመረው እዚችው j ላይ ነው።

እዚህ ሆንግ ኮንግ፣ ከሞንግ ኮክ ቀዩን ሚኒባስ ይዤ ነበር፣ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም፣ በእኛ አቆጣጠር። የኋላ ወንበር ላይ ነኝ። ቀዩ ሚኒባስ ላይ መውረድ የፈለገ ሰው በድምፁ ነው ሾፌሩን የሚያስቆመው። ረዳት የለ፣ ሾፌሩና መንገዱ ብቻ። ጠዋት ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እንዲህ ብዬ፦ m4 goi1, jau5 lok6። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ስለው ውያለሁ። በሆዴ ስለው ግን ያነበብኩት በፒንዪን ዓይን ነው፣ ማንዳሪን በላቲን ፊደል በሚጻፍበት ዘዴ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

አራት ዓመት ማንዳሪን የተማረ ሰው j ሲያይ ምላሱ ራሱ ይሄዳል። በፒንዪን j ከ«ጅ» ጋር የምትቀራረብ፣ ትንሽ ቀጠን ያለች ድምፅ ናት። ሰፈሬ ደረስኩ፣ አፌን ከፈትኩና «ጅያው ሎክ!» አልኩ። ሾፌሩ አልሰማም። ሰምቷል እንጂ፣ የሰማው ቃል አልነበረም። መኪናው አለፈ።

ቆይ፣ እዚህ ጋ ልግባበት። ያኔ የፒንዪን ፊደል ብቻ አይደለም የወጣው ከአፌ፣ ቁጥሩም ጭምር ነው። ፒንዪንን በቁጥር የጻፋችሁ ታውቃላችሁ፣ አራቱ ቃናዎች፣ የቃሉን ትርጉም የሚለዩት የድምፅ መውጣትና መውረዶች፣ ከ1 እስከ 4 ናቸው፣ 5 ሲጻፍ ደግሞ ቃና የሌለው፣ ቀለል ብሎ የሚዋጥ ክፍለ ቃል ማለት ነው። በዩትፒንግ 5 ሙሉ ቃና ነው፦ ከታች ይነሳና ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ ይቆማል። እኔ ጠዋት jau5 የሚለውን ሳይ 5ን ዋጥኩት። ፊደሉን በፒንዪን፣ ቁጥሩንም በፒንዪን። ሁለቱም አብረው ሲሳሳቱ የቀረ ነገር የለም።

m4 የሚለውም እንደዚያው። የማንዳሪን 4 ከላይ ከጣሪያው ይነሳና በአንዴ ይወድቃል፣ የተቆጣ ሰው «በቃ!» እንደሚለው። የዩትፒንግ 4 ከታች ተነስቶ ወደ ባሰ ታች የሚሄድ ነው፣ የድምፃችሁ ወለል እዚያ ነው። 3ም ቢሆን፣ ማንዳሪን ላይ ወርዶ የሚነሳ ነው፣ እዚህ መሃል ላይ ቀጥ ያለ ነው፣ አይወርድም አይነሳም። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ የሚያመለክቱት ነገር ሌላ ነው። 1 ብቻ ነው ከሞላ ጎደል የሚገጥመው፣ ሁለቱም ላይ ከፍ ብሎ ቀጥ ያለ። 2ም ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ይቀራረባል። ከ3 ጀምሮ ግን የቀድሞ ዕውቀታችሁ ነው የሚያሳስታችሁ።

እሺ፣ ወደ መኪናው።

መኪናው ሲያልፍ ደነገጥኩ፣ በድንጋጤው ውስጥ ግን j ትዝ አለችኝ። «ያው ሎክ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ፊደሉ አሁን ልክ ነው። ግን እንዲሰማኝ ብዬ ስለጮህኩ ድምፄ ወደ ላይ ወጣ፣ 5 የነበረው 2 ሆነ፣ ቀጥሎ ያለው lok6 ደግሞ ዝቅ ብሎ ቀጥ ማለት ሲገባው እሱም አብሮ ወጣ። k ላይም የኛን «ክ» አወጣሁት፣ «ሎክህ» ዓይነት። በካንቶኒዝ እዚያ መጨረሻ ላይ የምላስ ጀርባ ይዘጋል እንጂ አይከፈትም፤ ድምፁ በሩ ላይ ይቀራል። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። አልቆመም።

አጠገቤ አንዲት እናት ነበሩ፣ የገበያ ዘንቢል ጉልበታቸው ላይ ይዘው። ወደኔ ዞር አሉ፣ ከዚያ ወደ ፊት እያዩ፣ ድምፃቸውን ምንም ሳይጨምሩ፣ ከደረታቸው፣ jau5 lok6 አሉ። ሚኒባሱ ቆመ።

ይኸው ነው። አልጮሁም። እኔ ሁለቴ ጮኼ ያልቆመ መኪና፣ ሰው ከጎኑ ላለ ሰው በሚያወራበት ድምፅ ቆመ። ያንን ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ ይዤው የምዞረው።

ስለ ትርጉሙ ደግሞ፣ ይህን ስነግራችሁ ደስ ይለኛል። jau5 «አለ» ማለት ነው። lok6 «መውረድ» ነው። ወራጅ አለ! ቃል በቃል፣ ቦታው ብቻ ተገልብጦ። ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ስንለው ያደግነው፣ እዚህ ሰው ሌሊት ኩን ቶንግ መንገድ ላይ ይለዋል። ይህን ሳውቅ ሎሚ ሜዳ ያለ የአያቴ ቤት... አይ፣ ይቅር።

ግን እዚያው «አለ» ላይ ልቆይ። እኛ ፊደላችን ላይ «አለ» ብለን ስንጽፍ ሁለት ቃል ነው። ለ ስትጠብቅ «ይገኛል»፣ ስትላላ «ተናገረ»። ጽሑፉ አንድ ነው፣ እኛ ግን አንሳሳትም፣ ስለምናውቀው። የውጭ ሰው አማርኛ ሲማር ለ ላይ የሆነ ምልክት ቢኖር ኖሮ ብሎ ይመኛል። ሆንግ ኮንግም የቦታ ስሞቿን እንደዚያ ነው የጻፈችው፣ ቃና ሳታስቀምጥ። ያው ማ ቴይ ምልክቱ ላይ Yau Ma Tei ነው፤ በዩትፒንግ jau4 maa4 dei2 ይሆናል። የሆንግ ኮንግ የሥነ ልሳን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 ዩትፒንግን ሲያወጣ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል ጀርባ ላይ ቁጥር አስቀመጠ። ለኔ ዓይነቱ ሰው ነው። ቁጥሯ ፊደላችን ላይ የሌለችው «ማጥበቂያ» ናት። እና እኔ እሷን በሌላ ቋንቋ ቁጥር አነበብኳት። ይህ ነው ያሳዘነኝ መሰለኝ። መሰለኝ።

j ለምን «ይ» ሆነች ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ነበራችሁ። በማንዳሪን ሦስት ረድፍ አለ፦ z c s፣ zh ch sh፣ j q x። ካንቶኒዝ አንድ ረድፍ ብቻ ነው ያለው፣ z c s። zh የለም፣ q የለም፣ x የለም፣ r የለም። ስለዚህ j ሥራ ፈታ ቀረች፣ የድምፅ ምሁራን በዓለም አቀፍ ምልክታቸው ለ«ይ» የሚጽፏት እሷን ስለሆነ እዚያ ተቀመጠች። y ደግሞ ለዚያ ለተሾለ ከንፈር አናባቢ ተቀመጠች። ምክንያቱ ይህ ነው፣ ግን ምክንያቱን ማወቅ ምላስን አያዝዝም። የስልክ ቁጥሬ ውስጥ ሦስት ጊዜ 2 አለ፣ ji6። ትናንት ስሰጥ አንዱን «ጂ» አልኩት፣ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፣ ምክንያቱም እሱ የሰማው zi6 ነው፣ ያ ደግሞ «ፊደል» ማለት ነው፤ ሰዓት ላይ ሲሆን «አምስት ደቂቃ» ማለትም ነው። ሁለት ልለው ፊደል አልኩት።

አንድ ቦታ ግን ፊደላችን ቀድሞ አስተምሮኛል። ካንቶኒዝ በራሱ ስሙ gwong2 dung1 waa2 ነው። ፒንዪን guang ሲል g ለብቻ ነው፣ uang ለብቻ። ዩትፒንግ gw አንድ መነሻ ድምፅ ነው ይላል፣ kwም እንደዚያው። ማንዳሪን ብቻ የሚያውቀው ጓደኛዬ «ለምን ሁለት ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል?» ብሎ አልዋጥለት አለ። እኔ ጓ እና ኳ ብዬ ጻፍኩለት። ጓዳ፣ ኳስ፣ ራሱ ቋንቋ የሚለው ቃላችን። አንድ ፊደል ናቸው፤ ጥያቄም የለኝም ነበር። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው...

ልምምዱን ልንገራችሁ፣ የሚፈልግ ካለ። 3፣ 9፣ 4፣ 0፣ 5፣ 2 የሚሉትን ቁጥሮች በካንቶኒዝ ተናገሯቸው፦ saam1, gau2, sei3, ling4, ng5, ji6። ስድስቱ ቃና በቅደም ተከተል ይመጣል። ቡና ሲፈላ እሱን ነው የምለው። ራሴን ቀድቼ በማግስቱ ስሰማ sei3ን ከji6 አልለየኋቸውም፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ልዩነታቸው ከፍታ ብቻ ነው፣ ከፍታ ደግሞ ለብቻው አይታወቅም። ከፊታቸው saam1ን ሳስቀምጥ ግን ተለዩ። ጣሪያው ሲታወቅ ነው መሃሉ ከታችኛው የሚለየው።

እና ለዚህ ነው የሚከብደኝ። jau5 lok6 ሁለቱም ከታች ናቸው። ከታችኛው ግማሽ የማይወጣ ጥሪ ነው። እኔ ደግሞ ሰው መጥራት ማለት ድምፅን ማንሳት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ወራጅ አለ ስንል «አለ» ላይ ትነሳለች አይደል? ዝቅ ብሎ መጣራት አልችልም፣ ወይም እስካሁን አልቻልኩም፣ አላውቅም።

እኚያ እናት... ስወርድ ላመሰግናቸው ዞር አልኩ። m4 goi1 ማለት ነበረብኝ፣ ለተደረገልን ነገር የሚባለው እሱ ነው፣ ጠዋት ራሴ የጻፍኩት። ከአፌ የወጣው የማንዳሪኑ ነው፣ «ሽዬሽዬ»። ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ነበር፣ ደክሟቸው ሊሆን ይችላል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ማንዳሪን ስለተናገርኩም ሊሆን ይችላል። እኔ ነኝ የፈጠርኩትም ሊሆን ይችላል። በሩ ተዘጋ።

ዛሬ ማታም በዚያው መስመር ነው የምመለሰው። እስኪ... jau5... አይ፣ ወጣ። jau5 lok6። ይሄኛው ትንሽ... ቆዩ፣ አንዴ ከታች ልጀምረው...