የዘገየው ሳይሆን በሰዓቱ የመጣው

የተከበራችሁ የክፍል ኃላፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ዳሽቦርዱ መቼ እንደሚታደስና ሲዘገይ ምን ማለት እንደሆነ እንዳስረዳ ነው። ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፌ 6 ጊዜ ልኬላችኋለሁ። ስድስተኛውን በላክሁ ማግስት እዚህ ከተቀመጡት አንዱ ደውለው «ለመሆኑ ይሄ ነገር በስንት ሰዓት ነው የሚታደሰው?» አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ አሁን ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው።

ዳሽቦርዱ የሚታደሰው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ። የሚያሳየውም እስከ እኩለ ሌሊት የተመዘገበውን ብቻ ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ የሸጣችሁትን ነገ ጠዋት ታዩታላችሁ እንጂ ዛሬ አይመጣም።

እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የሽያጭ፣ የመጋዘንና የሂሳብ ሲስተሞች ቀኑን ከዘጉ በኋላ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የእኛ ፕሮግራም ከየአንዳንዳቸው መቅዳት ይጀምራል። 9 ሰዓት ገደማ ቀድቶ ይጨርስና የሦስቱን ያገጣጥማል፤ የተሸጠው ዕቃ ከመጋዘን ወጥቷል ወይ፣ የወጣው ተከፍሎበታል ወይ የሚለው እዚህ ላይ ይገናኛል። 11 ሰዓት ላይ ፍተሻ አለ። ፍተሻው ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው፦ ከሁሉም ቅርንጫፍ መጥቷል? የመጣው ብዛትስ ከወትሮው ጋር ይቀራረባል? ካለፈ፣ 12 ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ይቀየራሉ። ካላለፈ የትናንቱ ቁጥር እንዳለ ይቆይና ከላይ ቢጫ መስመር ይወጣል። «ዘገየ» የምትሉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ቢጫ መስመር ስታዩ የምታነቡት ቁጥር የተሳሳተ አይደለም። በአንድ ቀን ያረጀ ነው። በራሱ ቀን ሙሉ ነው፣ ተፈትሿል፣ ልትጠቅሱት ትችላላችሁ። ቀኑን አብራችሁ ጥቀሱ፣ አለቀ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የዘገየው አይደለም። በሰዓቱ የመጣው ነው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። «ለጠዋት ስብሰባ ቁጥር እያጣን ነው፤ ምንም ይሁን ምን 12 ሰዓት ላይ ይቀየር» ተባለ። እጅ ሲወጣ የኔም እጅ ወጥቷል፤ አልክድም። በማግስቱ ፍተሻው እንዲያስጠነቅቅ እንጂ እንዳያግድ አደረግነው። ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ደግሞ ለኛ ቡድን ኢሜይል ነበር፤ ያንን ኢሜይል በ11 ሰዓት የሚያነብ ሰው የለም።

ሦስት ሳምንት በሰላም ሄደ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ሌሊት የ3 ቅርንጫፎች መስመር ተቋረጠ። 12 ቅርንጫፎች አሉን፤ የመጣው የ9ኙ ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ እንደታዘዘው ልክ 12 ሰዓት ላይ ተቀየረ፤ አረንጓዴ፣ ንጹሕ፣ ቢጫ መስመር የለበትም። በቀን 2,400 ትዕዛዝ ያሳየን የነበረው 1,800 አለ። ከአራት እጅ አንዱ እጅ በአንድ ሌሊት ጠፋ።

2 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ኃላፊ ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ። ያን ቀን በበራቸው በኩል ሳልፍ ድምፃቸው ኮሪደር ድረስ ይሰማ ነበር። «ምን አደረጋችሁ? ደንበኛ ምን በደላችሁት?» ይላሉ። ከተቆጧቸው መሀል ትናንትና እስከ ማታ ቆመው ሲሸጡ የዋሉ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ጠዋት የማክሰኞው ቁጥር 2,410 ሆኖ ተገኘ። ሽያጩ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልወረደም ነበር። ይቅርታ የተጠየቀ ሠራተኛ ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።

ይህን የማነሳው ለመውቀስ ብቻ አይደለም (ትንሽ ለመውቀስም ነው)። ያን ቀን ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ጠቅ ቢያደርግ ኖሮ እውነቱን ያገኘው ነበር። አጠቃላዩን ድምር ትታችሁ በቅርንጫፍ ክፈቱት። ዘጠኙ ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው ወደ 200 ገደማ፣ ልክ እንደ ወትሮው። ሦስቱ ባዶ። ገበያ እንዲህ አይወርድም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ይነሳል፤ አንዱ በ10፣ ሌላው በ40፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይጨምራል። አንድ ቅርንጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ዜሮ ሆኖ ጎረቤቱ ካልተነቃነቀ፣ የጠፋው መረጃ ነው እንጂ ደንበኛ አይደለም። ቅርንጫፉ ቀኑን ተዘግቶ ከዋለ ብቻ ዜሮው እውነት ነው፤ እሱን ደግሞ በአንድ ስልክ ታረጋግጣላችሁ።

ፍተሻው እንደገና እንዲያግድ አድርገነዋል። ይህን የወሰንኩት ማንንም ሳላስፈቅድ ነው፤ እንዲነሳ የሚፈልግ ካለ ዛሬ እዚሁ ተነስቶ በቀጣዩ ማክሰኞ የሚቆጣቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ይስጠኝ!

ሌላው ደግሞ ያቺ የሪፍሬሽ ቁልፍ ናት። እባካችሁ ተዋት። እሷ ሌሊት የተጠራቀመውን ያንኑ ሠንጠረዥ ደግሞ ከማንበብ ውጪ ምንም አታደርግም። መቶ ጊዜ ብትጫኗት ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚነሳውን ሥራ አታስነሳውም። «እናንተ ከዚያ አስነሱት» ትሉኛላችሁ። ማስነሳት እንችላለን፤ ግን ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ የሚቀዳውም ሽያጭ ላይ ያሉ ልጆች ደንበኛ እያስተናገዱበት ካለው ሲስተም ነው። እነሱ ስክሪን ላይ ክብ እየዞረባቸው ሰልፍ እንዲረዝም ነው የምትጠይቁኝ። ስለዚህ የቀረው ሁለት ወይም ሦስት ቅርንጫፍ ከሆነ የቀረውን ብቻ ቀድተን እኩለ ቀን ላይ እንቀይራለን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ማታ ይቆያል።

ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት ጽሑፎች አሉ። `Last refreshed` ገጹ የተከፈተበትን ሰዓት ነው የሚናገረው፣ ሁልጊዜም አዲስ ይመስላል። እሱን አትመኑ። የምታዩት `Data as of` የሚለውን ነው፤ ቁጥሩ እስከየት ድረስ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። በግሩፕ ስክሪንሾት ስትልኩ ደግሞ ያቺን ጥግ ቆርጣችሁ አትላኩ። ቀን የሌለው ቁጥር ተቀብዬ ያልተጨቃጨቅሁበት ሳምንት የለም።

በወር መጀመሪያ ቀን ሂሳብ ክፍል ወሩን እስኪዘጋ ስለምንጠብቅ የሚታደሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ መዘግየት አትበሉት። ያለፉት 3 ቀናት ቁጥርም ተመላሽ ዕቃ ሲመዘገብ በጥቂቱ ይነቃነቃል።

ከእንግዲህ ቢጫ መስመሩ ሲወጣ የትኛው ሲስተም ወይም ቅርንጫፍ እንደቀረና መቼ እንደሚጠበቅ አብሮ ይጻፍበታል። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት። እሱን ሳታነቡ የደወላችሁ እንደሆነ፣ ስልኩን አንስቼ ያንኑ አነብላችኋለሁ።

ማስታወሻውን ዛሬ ከሰዓት ለሰባተኛ ጊዜ እልካለሁ። ሁለት መስመር ነው።

አመሰግናለሁ።