እሳት ማየት መሞቅ ነው?

እንደምን አመሻችሁ! መጋረጃው ሳይከፈት አጭር ንግግር እንዳደርግ ተጠይቄያለሁ። እንግዶቻችን፣ ወላጆች፣ የድርሰት ክበባችን ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ሀብታም አሽከሩን «ተራራው ጫፍ ላይ ራቁትህን፣ ያለ እሳት ካደርክ ቤትና መሬት እሰጥሃለሁ» ይለዋል። አንድ ሽማግሌ ማዶ ካለው ተራራ ላይ እሳት ያነዱለታል። አሽከሩ ያንን እያየ ያድራል። ሀብታሙ ግን «እሳት አይተሃል፣ ስለዚህ ሞቀሃል» ብሎ ይክደዋል። ዳኛውም ለሀብታሙ ይፈርድለታል። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ይጠራል። እንግዶቹ ወጡን ያሸታሉ እንጂ አይበሉም። «ማየት መሞቅ ከሆነ ማሽተትም መጥገብ ነው» ይላቸዋል።

ይህን ወደ ዛሬዋ አዲስ አበባ እናምጣው አልን። ተራራውን መተካት ቀላል ነበር። ያላለቀ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ፣ ታኅሣሥ ወር፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ፣ አንድ ኮንትራክተር። ውርርዱ አንድ ስቱዲዮ ቤት። ልጁ ጋቢውን አውልቆ ጣሪያው ላይ ያድራል።

የከበደን እሳቱ ነው። ከተማ ውስጥ መብራት ሞልቷል። አንዱን ለይቶ ማየት ምን ትርጉም አለው? ልጆቹ መጀመሪያ ስልክ ሰጡት። ጓደኛው በቪዲዮ እያወራው አደረ። ስናነበው ግን ተረቱ ሞተብን። ስልኩ እጁ ላይ ነው፤ ያወራዋል፣ ያስቀዋል። ኮንትራክተሩ «እርዳታ አግኝተሃል» ቢል እውነት ሊመስል ነው። እሳቱ ሩቅ መሆን አለበት። ልብ ይደግፋል እንጂ ቆዳ አያሞቅም። ደግሞም አንድ ሰው ለእሱ ብሎ እንቅልፉን አጥቶ ያነደደው መሆን አለበት።

ስለዚህ ሰፈሩን በሙሉ መብራት አጠፋንበት። መብራት ሲጠፋ ማንም የሚገረም የለም መቼም። ታች ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች፤ የአገሩ ልጅ ናት። ማዶ ካለው ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ የከሰል ምድጃዋን ይዛ ወጣች። ከወዲህ የሚታየው አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ነው። ከሰሉ አመድ ሊሆን ሲል ነጥቧ ትደበዝዛለች። እሷ ስታራግብ ትመለሳለች። ያኔ ልጁ መንቃቷን ያውቃል።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ወጪያችንን ሊሸፍኑልን የነበሩ ሰዎች ጽሑፉን አነበቡ። «ግብዣው ይውጣ» አሉን። «ልጁ ብርዱን ችሎ ቤቱን ያግኝ፣ መልእክቱ ጥረት ያሸንፋል ይሁን» አሉን። አይሆንም አልን። ገንዘቡም ቀረ።

ለምን አይሆንም? ምክንያቱም ልጁ በጥረቱ አላሸነፈም! ጥረቱንማ ጨርሷል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ነው የተካደው! ለተካደ ሰው «በርታ» ይባላል እንዴ? ይህ ተረት ስለ ጽናት አይደለም። ጋቢ ለብሶ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ የተኛ ሰው፣ ሲንቀጠቀጥ ላደረው «አልበረደህም» ብሎ ስለሚፈርድበት ፍርድ ነው። ግብዣውን ካወጣችሁት ያ ፈራጅ ምንም ሳይቀምስ ወደ ቤቱ ይሄዳል!

ግብዣው ራሱም አስቸግሮናል። ዳኞቹን የእድር ሽማግሌዎች አድርገናቸዋል። የዛሬ ሰው ግን ቢርበው ስልኩን አንስቶ ምግብ ያዛል፤ ወይም ተነስቶ ይሄዳል። መፍትሔውን ያመጣችው ከልጆቹ ትንሿ ናት። «ፋሲካ ሌሊት ይሁን» አለች። አምሳ አምስት ቀን ጾመው፣ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ዶሮ ወጥ ጓዳ ውስጥ እየተንተከተከ ማን ተነስቶ ይሄዳል? በዚያ ሰዓትስ የትኛው ምግብ ቤት ክፍት ነው? ጋባዧ ለእድሩ በሠርግም በለቅሶም ወጥ የሚሠሩ እናት ናቸው። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ታጥበው ይጠብቃሉ። ሽታው ይመጣል። ወጡ አይመጣም። እናትየው የሚሉትን አልነግራችሁም፣ ከእሳቸው ስሙት።

ስለ መድረኩና ስለ አልባሳቱ ብዙ አልልም፤ ልጆቹ በራሳቸው ሠርተውታል። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ሽታውን በንግግር ብቻ ማሳየት አልሆነልንም። በልምምድ ጊዜ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሞከርን፤ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። ዛሬ አምስት ኪሎ ከመጋረጃው ጀርባ እየተቁላላ ነው። በርበሬው ገብቷል። ቅቤው የሚገባው ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ነው።

አሁን መብራት ይጠፋል። እባካችሁ ስልካችሁን አታብሩ፤ ቀይዋን ነጥብ ፈልጓት።