ጡረታችን ያለው በእጅ ዋጋችን ውስጥ ነው
(የማኅበሩ ሊቀመንበር በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ባለፈው ዓመት ጉልበቴን ታምሜ 11 ሳምንት ቤት ውዬአለሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ዕድሜውን በርከክ ብሎ ነው የሚጨርሰው፤ ስለዚህ መታመሜ አልገረመኝም። በቋንቋችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፦ የምንሸጠውም እሱ፣ የሚታጠፈውም እሱ። የገረመኝ ሌላ ነው። እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ የ3 ዓመት የሥራ ደብተሬን ሳገላብጥ፣ 26 ዓመት ሙሉ የእጅ ዋጋዬን በተሳሳተ ሂሳብ ስተምን እንደኖርኩ አየሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ሂሳብ ነው።

ድሮ የምተምነው እንዲህ ነበር። በዓመት 300 ቀን እሠራለሁ፣ ማለትም በወር 25 ቀን፤ ስለዚህ የቤቴን የወር ወጪ ለ25 አካፍዬ ትንሽ እጨምርበትና የቀን ዋጋዬ ይሆናል። ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። ከ365 ቀን 52ቱን የእረፍት ቀን አውጡ፣ 313 ይቀራል። በዓል፣ ለቅሶ፣ ሠርግና ሕመም 33 ቀን ወሰዱብኝ፣ 280 ቀረ። ከዚያ ደግሞ ልኬት ለመውሰድ፣ ዋጋ ለማቅረብ፣ ዕቃ ለመግዛት፣ ያልተከፈለ ሂሳብ ለማሳደድ የዋልኩባቸው 80 ቀናት አሉ። ሠርቻለሁ፣ ደክሞኛል፣ ግን ማንም አልከፈለኝም። ደንበኛ የከፈለኝ 200 ቀን ብቻ ነው። የእናንተ ቁጥር ከእኔ ሊለይ ይችላል፤ 300 እንደማይሆን ግን እርግጠኛ ነኝ።

ይህ የሂሳቡ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እነዚያ 200 ቀናት ምን ምን መሸፈን አለባቸው የሚለው ነው። የገንዘብ ስም ትቼ በ«ወር ወጪ» ልቁጠር፤ አንድ ወር ወጪ ማለት ቤታችሁ በወር የሚፈልገው ነው። ቤቱ በዓመት 12 ይፈልጋል። ለመሣሪያ መተኪያ 2፣ ለግብር 2 እንያዝ (ግብሩን በየራሳችሁ አስተካክሉት)። ተቀጣሪ ሲታመም ደመወዙ የሚቀጥለው አሠሪው ስለሚሸከመው ነው፤ የእኛ አሠሪ እኛው ነንና ለሕመምና ሥራ ለሚጠፋበት ጊዜ 1። ለጡረታ ደግሞ 3። ድምሩ 20 ነው። 20ውን ለ200 ቀን ስታካፍሉት፣ የ10 ቀን የእጅ ዋጋ የአንድ ወር ወጪ መሸፈን አለበት ማለት ነው። እኔ በ25 ቀን ስሸፍነው ነው የኖርኩት። የዕቃ ዋጋ በዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ በእጃችን የሚያልፍ የደንበኛ ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቀብድ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ብዙዎቻችን የአዲሱን ደንበኛ ቀብድ ተቀብለን የድሮውን ደንበኛ ዕቃ እንገዛበታለን። ኪሳችን መታመሙን የምናውቅበት ምልክት ቀላል ነው፦ ዛሬ አዲስ ሥራ ባይመጣ፣ የተጀመሩትን ሥራዎች በኪሳችን ባለው ገንዘብ መጨረስ እንችላለን ወይ? ካልቻልን ቀብዱን በልተነዋል። እንዲህ ባለ ኪስ ውስጥ የጡረታ ገንዘብ አንድ ሳምንት አያድርም። ስለዚህ የዕቃ ገንዘብ ለብቻው ሂሳብ ቁጥር ይኑረው።

አሁን «ዋጋዬን በአንድ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ባደርገው ማን ይቀጥረኛል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም አልቻልኩም። መጀመሪያ የጀመርኩት በአዲስ ደንበኞች ነው፤ የቆዩት ዋጋው ቀስ እያለ ይደርሳቸዋል። ቀጥሎ 80ዎቹን ባዶ ቀናት መቀነስ ነው። ለልኬት ሄጄ የማያሠሩኝን ሰዎች ቁጥር የቀነሰልኝ ለልኬት ትንሽ ክፍያ መጠየቄ ነው፤ ሥራው ሲሰጠኝ ከሂሳቡ እቀንሰዋለሁ። ክፍያንም በየደረጃው መቀበል ጀመርኩ፣ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ከመቀበሩ በፊት አንዱ ክፍል ይከፈላል። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ የሚለመን ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚበላ ታውቁታላችሁ።

ከ20ው 3 ማለት ከመቶው 15 ነው። የእጅ ዋጋ በገባ ቀን፣ ገንዘቡ ገና ትኩስ እያለ፣ 15ቱ ይወጣል። ወር መጨረሻ ላይ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ሲያስቀምጥ አላየሁም፣ ምክንያቱም የእኛ ወር መጨረሻ የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ግን የጡረታውም የሕመሙም ድርሻ አንድ ላይ ወደ መጠባበቂያ ይሂድ፤ የ4 ወር ወጪ ይሆናል። እሱ ሳይኖር ጡረታ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሕመም ማሽኑን ይሸጣል፤ ሲድን የሚሠራበት የለውም።

የት ያደርሰናል? በ30 ዓመቱ ለጡረታው ማስቀመጥ የጀመረ አባል በ55 ዓመቱ ያጠራቀመው የ75 ወር ወጪ ነው። ገንዘቡ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 3 በመቶ ካደገለት ወደ 109 ይጠጋል። ይህ 9 ዓመት ያኖራል እንጂ ነጻ አያወጣም። የዓመት ወጪን 25 እጥፍ ያጠራቀመ ነጻ ነው ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ስሌቱ ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የፋይናንስ አማካሪ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ጥናት ጋር ይያያዛል፤ ያጠናው የአሜሪካን አክሲዮንና ቦንድ ነው፣ የጡረታውም ዘመን 30 ዓመት ነው። ገበያውና የዋጋ ንረቱ ሌላ በሆነበት ቦታ እንደ ሕግ አትያዙት።

ለእኛ የሚሠራው መንገድ በሁለት እርከን ማቆም ነው። በ55 ከባዱን ሥራ እናቆማለን፤ ልኬት፣ ቁጥጥር፣ ወጣቶችን ማሠልጠንና ቀላል ጥገና የቤቱን ወጪ ከሸፈኑ 109ኙ አይነካም። በዚያው 3 በመቶ በ65 ዓመት 147 ይሆናል፤ ከእሱ በየዓመቱ 12 ብናወጣ ቀሪው እያደገ እስከ 80 ዓመት ገደማ ያደርሳል። ለዚህ ግን በ45 ዓመት ልኬትና የዋጋ ዝርዝር አዘገጃጀት አጥርቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በ55 የሚጀመር አይደለም።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ ለሚለው ከሰዓት በኋላ ባለሙያ ስለሚያብራራ አልሻማውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌላ ማሽን መግዛትን ቁጠባ አንበለው። ማሽኑ የሚያመርተው እጃችን ሲነካው ነው፤ እጃችን ሲያርፍ እሱም ያርፋል። ኪራይ የሚያስገባ ክፍል ወይም ትርፍ የሚያካፍል ድርሻ ግን እኛ ተኝተንም ይሠራል።

ጸሐፊያችን አሁን ባዶ የዓመት ሰንጠረዥ ያድላችኋል። ከሻይ በፊት ባለፈው ዓመት ደንበኛ የከፈላችሁን ቀናት ብቻ አስታውሳችሁ አጥቁሩና ቁጥሩን ስማችሁን ሳትጽፉ ሳጥኑ ውስጥ ክተቱ። የማኅበሩን መነሻ የእጅ ዋጋ በምንወያይበት ሦስተኛው አጀንዳ ላይ የምንነሳው ከዚያ ቁጥር ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።