ቲሸርቱ ፊልሙን እንዳይበላው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ለፊልም ከብዙ ሰው ገንዘብ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር ላይ፣ ዘመቻው ስንት ቀን ይሁን?»

30 ቀን። እስከ 60 ይፈቀዳል፤ ግን ሲረዝም ሰው «በኋላ እሰጣለሁ» ይልና ይረሳዋል።

«የ5 ደቂቃ አኒሜሽናችን 10,000 ዶላር ይፈጃል። ግቡን 10,000 እናድርገው? በ35 ዶላር ቲሸርት እንሰጣለን ብለናል።»

አይሆንም፣ ወንድሜ። መጀመሪያ ቀንስ፣ ከዚያ ግብ ቁረጥ። ይሄን በየሳምንቱ እላለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ።

ኪክስታርተር 5 በመቶ ይወስዳል። የካርድ ክፍያው ደግሞ 3 በመቶ ገደማና በእያንዳንዱ ሰው 20 ሳንቲም ይጨምራል። ከ35ቱ ዶላር 3 ዶላር እጅህ ሳይገባ ሄደ። ቲሸርቱን ማሳተም 12፣ ውጭ አገር መላክ 16 ዶላር ቢሆን፣ ለፊልሙ የሚተርፈው 4 ዶላር ነው። 200 ሰው ቢወስደው ገጹ ላይ 7,000 ዶላር ይታያል። ለፊልሙ ያለህ ግን 800 ነው።

ይሄ ያሳዝነኛል። ግቡ ሞልቶ፣ ሁሉም እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ፣ ወጣቶቹ ሦስት ወር ሙሉ ፖስታ ሲያሽጉ ይከርማሉ። ሠዓሊው ሳይከፈለው ይቀራል። ፊልሙም አኒማቲክ ላይ፣ ማለትም ገና በንድፍ ሥዕሎች ረቂቁ ላይ፣ ይቆማል።

አሁን የ10 ዶላር ስጦታ እንይ። ፊልሙ ሲያልቅ በይለፍ ቃል የሚከፈት ሊንክ ትልካለህ። 1 ዶላር ይቆረጣል፣ 9 ይተርፋል። ከቲሸርቱ እጥፍ በላይ ነው! በ25 ዶላር የሰጪው ስም በፊልሙ መጨረሻ ይጻፍ። በ75 ስቶሪቦርዱ በፒዲኤፍ ይላክ። በእጅ የሚያዝ ነገር ካማረህ፣ ዋናውን የእጅ ሥዕል በ250 ለ10 ሰው ብቻ ስጥ፤ የፖስታውን ለብቻ አስከፍል። ግቡን 11,500 አድርገው። ወደ 10 በመቶ ቢቆረጥ 10,350 ይቀርሃል፤ ትርፏ 350 ክፍያቸው ለማያልፍ ካርዶች ናት። ግቡ ካልሞላ ምንም እንደማይገባህ ስለምታውቅ ዝቅ ማድረግ ያጓጓሃል። አታድርገው።

«በጀቱን መዘርዘር አለብን?»

አዎ፣ በአራት መስመር። ለምሳሌ ከ10,000ው 6,500 ለሥዕልና ለእንቅስቃሴ፣ 2,000 ለድምፅና ሙዚቃ፣ 500 ለፌስቲቫል ምዝገባ፣ 1,000 ለመጠባበቂያ። የስጦታ ወጪ ካለ ከላይ ቀንሱና ለብቻው አሳዩት።

«ቪዲዮው ላይ ምን ላሳይ?»

ያለቀ አኒሜሽን፣ 10 ሰከንድም ቢሆን። ከሱ ጀምሪ። ከዚያ ፊትሽን አሳዪና ስንት እንደምትፈልጊ፣ ለምን እንደሆነ ተናገሪ። 2 ደቂቃ ይበቃል። የታወቀ ዘፋኝ ሙዚቃ ያለ ፈቃድ እንዳታስገቢ፤ ቪዲዮው ሊወርድብሽ ይችላል።

«አዲስ አበባ ነኝ። አሜሪካ ባለችው አክስቴ ስም ልክፈተው?»

ኪክስታርተር ዘመቻ መክፈት ከሚፈቅድባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ግን የአክስትህን ስም መዋስ ብቻ አይበቃም፤ በእውነት የሥራው አጋር መሆን አለባት። ገንዘቡ ባንኳ ይገባል፣ ስጦታው ባይደርስ ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ግብርም ሊመጣባት ይችላል። ይሄን እኔ በስልክ አልወስንልህም። ዘመቻው ሳይከፈት እሷ ያለችበት ከተማ የሂሳብ ባለሙያ ታማክር። ግብር አለ ካላት፣ እሱንም መጀመሪያ ቀንሱ።