እጃቸውን አናታቸው ላይ የጫኑት በያጅ

ሙሉጌታ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬውን ጉዳይ ያመጣሁት ከቤቴ ነው፤ ባለቤቱም ፈቅደውልኛል። አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ብየዳ ይሠራሉ፤ ዕድሜያቸው 52 ነው። አንድ ቀን ጠዋት ደሴ እኛ ቤት ሲመጡ ቀኝ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ገቡ። እናቴ ገና በሩ ላይ እንዳየቻቸው «ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። ማንም አልሞተም። እጃቸውን ሲያወርዱት ክንዳቸው ይቃጠላል፤ አናታቸው ላይ ሲያደርጉት ይበርድላቸዋል።

ዘይነባ፦ እኔ ዘንድም እንደዚያው ሆነው ነው የመጡት። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ብዙ የታመመ ትከሻ አይቻለሁ። ትከሻው የታመመ ሰው ግን እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እፎይ ሲል እምብዛም አይገጥመኝም፤ ለእሱ ጭንቁ ማንሣቱ ነው። አጎትህ ገና ሳይቀመጡ ግማሹን ነግረውኛል።

ሙሉጌታ፦ እሳቸው ግን ከዚያ በፊት አምስት ሳምንት ሙሉ የትከሻ ሕመምተኛ ተብለው ነበር። ትከሻቸው ታሽቷል፣ ቅባት ተቀብቷል፣ መርፌም ተወግቷል። አልተሻላቸውም።

ዘይነባ፦ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የጣሪያ ብረት የሚበይድ ሰው ክንዱ ቀኑን ሙሉ ከራሱ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ትከሻውን ያያል። ነገር ግን በዚያው ሰዓት አንገቱም ወደ ኋላ እንደታጠፈ ነው፤ በዚያ ላይ የብየዳው ጭንብል ክብደት አለ። አንገትን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሙሉጌታ፦ እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው። የተጎዳው አንገት ከሆነ፣ የሚነዝረው ጣት ለምን ይሆናል?

ዘይነባ፦ የውኃ ቧንቧ አስብ። መንገድ ላይ ድንጋይ ቢጫነው ውኃው የሚጠፋው ከቤትህ ነው። የአንገት አከርካሪ አጥንቶች 7 ናቸው፤ በአንገት በኩል በየጎኑ የሚወጡት ነርቮች ደግሞ 8 ናቸው። እያንዳንዱ ነርቭ የሚወጣው በጠባብ ቀዳዳ ነው። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወደዚያ ቀዳዳ ሲያብጥ፣ ወይም ዕድሜ ሲገፋ በቀዳዳው ዳር አጥንት ሲበቅል፣ የነርቩ ሥር ይጫናል። ሕመሙ የሚሰማው ግን ነርቩ በሚያገለግለው ቆዳና ጡንቻ ላይ ነው። ወደ ላይ አንጋጥጠህ፣ በዚያው ላይ አንገትህን ወደ ታመመው ጎን ስታዘነብል ቀዳዳው ይበልጥ ይጠብባል። እጅን አናት ላይ መጫን ደግሞ ነርቩን ላላ ያደርገዋል።

ሙሉጌታ፦ ስለዚህ ከሥራቸው ሕመሙን የሚያባብሰው አንጋጦ ማየቱ ነው እንጂ ክንድ ማንሣቱ አይደለም።

ዘይነባ፦ በእሳቸው ላይ አዎን። ይህንንም ያወቅነው በአንድ ቀላል መንገድ ነው፤ አንዱን አሳርፎ ሌላውን ማንቀሳቀስ። መጀመሪያ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፌ አንገታቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ጠየቅኋቸው። ወደ ቀኝ ሲዞሩ ከግማሽ መንገድ ትንሽ አልፈው ቆሙ። ቀስ ብለው አንጋጠው ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ፊታቸው ተኮማተረ፤ በግራ እጃቸው ቀኝ ክንዳቸውን ከኋላ በኩል እስከ መሃል ጣታቸው ድረስ እየተከተሉ አሳዩኝ። ትከሻቸው ግን ንቅንቅ አላለም። እዚያ ላይ አቆምሁ።

ሙሉጌታ፦ ባለሙያው አናት ላይ ጫን የሚያደርግበት ምርመራም አለ አይደል?

ዘይነባ፦ አለ። አንገቱ በዚያው ሁኔታ ሆኖ አናቱን ከላይ በቀስታ መጫን ነው። እሳቸው ሳልጫናቸውም ሕመማቸው ስለተቀሰቀሰ መጨመር አላስፈለገኝም። አድማጮቻችንም ይህን እርስ በርሳችሁ እንዳትሞክሩት አደራ። ደግሞም አንገት ብቻ ካመመ ምርመራው አዎንታዊ አይባልም፤ ሕመሙ ወደ ክንድ መውረድ አለበት። ባይወርድም የነርቩ ነገር አበቃ ማለት አይደለም፤ ይህ ምርመራ ሲገኝ ብዙ ይናገራል፣ ሲጠፋ ግን ብዙ አይናገርም።

ሙሉጌታ፦ ከዚያ ትከሻቸውን አየሽ።

ዘይነባ፦ አሁን አንገታቸው ቀጥ ብሎ ትከሻቸው ብቻ ይንቀሳቀስ አልሁ። ክንዳቸውን በጎን በኩል እስከ ላይ ያለ ችግር አነሡት። የትከሻ ጅማት የታመመበት ሰው በዚህ መንገድ መካከል ላይ፣ ማለትም ክንዱ ከትከሻው ከፍታ ትንሽ ዝቅ ካለበት ትንሽ ከፍ እስካለበት ድረስ፣ ይያዛል። ቀጥዬ ክርናቸውን ከወገባቸው ጋር አጣብቄ እጃቸውን እኔው ወደ ውጭ አዞርሁት፤ ከግራው እኩል ዞረ። ይህ የትከሻውን መተሳሰር ያጣራልኛል፤ በተለይ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ትከሻቸው ሲደርቅ ሌላ ሰው ቢያዞረውም እንኳ አይዞርም።

ሙሉጌታ፦ የትከሻ ሕመም እስከ ጣት ይወርዳል?

ዘይነባ፦ ብዙ ጊዜ ከትከሻው ጎን ተነሥቶ የላይኛው ክንድ ላይ ይቆማል፤ ክርንን አልፎ እስከ ጣት የሚነዝር መሆኑ እምብዛም ነው። በታመመው ጎን ሲተኙበት ይቀሰቅሳል፤ ከመደርደሪያ ዕቃ ሲያወርዱ ወይም ጃኬት ሲለብሱ ይወጋል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ትከሻዬን አመመኝ» ብቻ አትበሉ። በጣታችሁ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አሳዩ። አጎትህ ያን ጊዜ የመሃል ጣታቸውን ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም፤ ከብየዳ የመጣ መደንዘዝ መስሏቸው ነበር።

ሙሉጌታ፦ የመሃል ጣት መሆኑ ምን ነገረሽ?

ዘይነባ፦ አድራሻውን ነገረኝ። ስድስተኛው ነርቭ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚደነዝዘው በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት በኩል ነው። ሰባተኛው ወደ መሃል ጣት፣ ስምንተኛው ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። ካርታው ከሰው ሰው ትንሽ ስለሚለያይ በጣት ብቻ አልፈርድም፤ ጡንቻውም እንዲመሰክር እፈልጋለሁ። ሰባተኛው ክርንን የሚዘረጋውን የክንድ የኋላ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል። ክርናቸውን አጥፈው እጄን እንዲገፉ አደረግሁ። በግራ ሲገፉኝ ወደ ኋላ ተንገዳገድሁ፤ በቀኝ ሲገፉኝ ግን በሁለት ጣቴ መለስኋቸው። ክርናቸው ከኋላ ያለውን ጅማት በላስቲክ መዶሻ መታ ሳደርግም ግራው ዘለለ፣ ቀኙ ዝም አለ።

ሙሉጌታ፦ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላቸው። የግቢያቸውን የብረት በር ለሳምንታት በግራ እጃቸው ሲገፉ እንደነበር፤ ክብደት ለማንሣት ግን ቀኛቸው ደህና ነበር።

ዘይነባ፦ እኮ! ማንሣት ደህና፣ መግፋት ደካማ፣ የመሃል ጣት ደንዛዛ፣ አንገት ሲያጋድል የሚቀሰቀስ። አራቱም ወደ አንድ ነርቭ ያመለክታሉ። የሚያሳስተኝ ግን አምስተኛው ነርቭ ነው። እሱ ሲጫን ሕመሙ ትከሻ ላይ ነው፣ ክንድ ወደ ጎን ማንሣትም ይደክማል፣ ጣት ግን አይነዝርም። ያን ጊዜ ትከሻ ነው ማለት በጣም ይቀላል። የአንገቱና የትከሻው ሕመም በአንድ ሰው ላይ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ።

ሙሉጌታ፦ ሌሊት እጃቸው የሚደነዝዛቸው ሴቶችስ? እናቴ እጇን እያራገፈች ነው የምትነቃው።

ዘይነባ፦ ማራገፉ ካሻላት መጀመሪያ የእጇን አንጓ ነው የማየው፤ እዚያ የሚጫን ሌላ ነርቭ አለ። አንገቷን ስታዞር የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይበረታል።

ሙሉጌታ፦ እንግዲህ ወደ ሕክምናው። ዘመድ ሁሉ ወጌሻ ጋ ይሂዱና አንገታቸውን ይመልስላቸው ይል ነበር።

ዘይነባ፦ በዚህ ላይ ለወጌሻ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ክንድ እየነዘረ አንገት አይጠምዘዝ። ወደ ነርቩ ያበጠ ዲስክ በኃይል ሲጠመዘዝ ወደ ሕብለ ሰረሰር ሊገፋ ይችላል፤ በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጣ የደም ሥርም አለ፣ ሊቀደድ ይችላል።

ሙሉጌታ፦ ኤም አር አይስ ለምን ወዲያው አልታዘዘላቸውም? ቤተሰቡ ተናድዶ ነበር።

ዘይነባ፦ በእሳቸው ዕድሜ ምንም የማያመውን ሰው በኤም አር አይ ብታነሣውም ያበጠ ዲስክ ልታገኝ ትችላለህ። ፎቶው የሚጠቅመው ከምርመራው ጋር ሲገጥም፣ ደግሞም ውሳኔ የሚለውጥ ሲሆን ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በ6 እና በ12 ሳምንት መካከል በጣም ይሻለዋል። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተስማምተን ማንጋጠጡን አቆምን። ሐኪሙ የጨጓራ ታሪካቸውን ጠይቆ ፓራሲታሞል አዘዘላቸው። እኔ አንገታቸውን በእጄ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ስስበው ስለቀለላቸው ያንኑ ደጋገምሁት፤ ቤት ደግሞ ሕመሙ ወደ ክንድ እስከማይወርድበት ድረስ ብቻ አንገታቸውን እንዲያዞሩ አደረግሁ። የመግፋት ኃይላቸውን በየሳምንቱ ለካሁ። እየባሰ ቢሄድ ኖሮ ፎቶውንና ቀዶ ሐኪሙን አንጠብቅም ነበር።

ሙሉጌታ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በየሳምንቱ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የመኪናው ንቅናቄ ያማቸው ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ እጃቸውን አውርደው መጡ።

ዘይነባ፦ መጀመሪያ የሚሄደው የክንድ ሕመሙ ነው፤ ድካሙና ድንዛዜው ይዘገያሉ። ሰዉ ግን እዚህ ላይ እንዳይዘናጋ የምፈራው ሌላ ነገር አለ። ሁለቱም እጆች ቁልፍ መቆለፍ ካቃታቸው፣ እግር መንገድ ላይ ከተወላገደ፣ ሽንት ከተያዘ ወይም ካመለጠ፣ የተጫነው ሕብለ ሰረሰሩ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ከሆነም እንደዚያው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ አንገት ስትፈትሹ ጊዜ አታጥፉ፤ ልብ ነው ብላችሁ ሩጡ።

ሙሉጌታ፦ አጎቴ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። መወጣጫቸውን ከፍ አድርገው ስለሚሠሩ የሚበይዱት አሁን ፊት ለፊታቸው ነው። የመሃል ጣታቸው ጫፍ ትንሽ እንደደነዘዘ ነው፤ በሩን ግን በቀኛቸው ይገፉታል።