መ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ር

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ መስቀለኛ ቃላት ጨዋታ አንድ ነገር ላውራ፦ ጥቂት ፊደሎች ተሞልተው ቃሉ ግን አልመጣ ሲል፣ የሚገጥሙትን ቃላት ስለመዘርዘር።

አራት ሳጥን አለን እንበል። የመጀመሪያው «መ»፣ የመጨረሻው «ር»። ሁለት ፊደል ስለያዝን ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። «መ» የአርዕስት መነሻ ስለሆነ ግሡ ሁሉ ይጎርፍብናል። መስበር፣ መንገር፣ መምከር፣ መጀመር፣ መሞከር፣ መናገር፣ መጨመር... እንደመጣልኝ ከጻፍኩ ማለቂያ የለውም፣ ደግሞ ስሞቹ ከግሡ ብዛት ሥር ተቀብረው ይቀራሉ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ስሞቹን ለብቻ አወጣለሁ፦ መስመር፣ መንደር፣ መንበር፣ መምህር፣ መዝሙር። ከዚያ ነው ወደ ግሡ የምሄደው።

አሁን ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ቃል ሦስተኛውን ሳጥን ሞላልን እንበል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ፊደል የሚያስደስተኝ፣ ምክንያቱም አንዱ ሳጥን ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚመጣው። የነዚህ ግሦች ሦስተኛ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ ነው፤ በ፣ ገ፣ ከ፣ መ። ስለዚህ የመጣው «ሙ» ከሆነ ግሡን ትቼ በቀጥታ መዝሙርን እሞክራለሁ። «ህ» ከሆነ መምህር። ራብዕ ከሆነ ግን ቆም በሉ፤ መጣጣር፣ መማማር የሚሉት ስላሉ ግሡ ገና አልወጣም።

የመጣው «ደ» ቢሆንስ? መንደር ወዲያው ይመጣል፣ ብዙ ሰውም እዚያው ጽፎ ያልፋል። ግን መበደርም አለ! ሁለተኛውን ሳጥን የሚያቋርጠው ቃል ገና ካልተፈታ ፍንጩን መልሳችሁ አንብቡት። ፍንጩ ራሱ በአርዕስት ከተጻፈ፣ ለምሳሌ «ሊመልሱ ገንዘብ መውሰድ» ካለ፣ መልሱም አርዕስት ነው። «ሰዎች ተሰባስበው የሚኖሩበት» ካለ ደግሞ ስም ነው የሚፈልገው። ፍንጩ ይህን ያህል ግልጽ ካልሆነ ሁለቱንም ጎን ላይ በእርሳስ ጻፏቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ አታስገቡ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፣ እሱም ሞክሼ ፊደል ነው። ሁለተኛው ሳጥን ላይ «ሥ» መጣ እንበል። ዝርዝራችሁ ላይ «መስመር» ብላችሁ ከጻፋችሁት አይገጥምም ብላችሁ ትሰርዙታላችሁ፣ አዘጋጁ ግን «መሥመር» ብሎ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው። እኔ ስዘረዝር እነዚህን እንደ አንድ ፊደል ነው የምቆጥራቸው፤ የትኛው እንደሚጻፍ የምወስነው ሳጥኑን ስሞላ ነው። ዝርዝሩ ድንገት ባዶ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያቋርጠውን ቃል መጠርጠር።