በሩ ላይ የተናገረችው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ይቆይልኝ። ዛሬ ስለ ቅዳሜው ነው የማወራው፤ ያቺ ልጅ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች።

መቼም የአረጋውያን ማዕከላችንን ነገር ታውቁታላችሁ። ለአረጋውያኑ በጎ ፈቃደኛ ሲመረጥ ሦስት ሆነን እንቀመጣለን። አመልካቹ ሁለት ደቂቃ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ከዚያ እኛ ስምንት ደቂቃ እንጠይቃለን። የነጥብ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን መጣ?» የሚል ነው፤ ከ5 ይታረማል። ከጎኑ አንድ ባዶ መስመር አለ፤ አመልካቹ በአፉ ካለው ውስጥ ነጥቡን የሚያስረዳውን ቃል እዚያ ላይ እንጽፋለን። መስመሩ ባዶ ከቀረ ከ3 በላይ አንሰጥም። ይሄንን ደንብ ያወጣነው ደስ ላለን ሰው እንዳናዳላ ብለን ነው።

ልጅቷ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጀመረች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ። አረጋውያን የሀገር ባለውለታ ናቸው። የሚሰጠኝን ኃላፊነት በትጋት እወጣለሁ።» ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ አትቸኩልም፣ በቃሏ እንዳጠናችው ያስታውቃል። የሦስታችንም እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም። ያለችው ውሸት ስለሆነ አይደለም። ከእሷ በፊት የገቡትም ብለውታል፤ ከእሷ በኋላ የሚገቡትም ይሉታል። አንዱን ከሌላው የሚለይ ቃል የለውም፤ ስለዚህ ባዶው መስመር ላይ ምን ይጻፍ?

3 ሰጠን። ጠየቅናት፣ መለሰች፣ አመሰገንናት። ነጥቡ ተደመረ።

ከዚያ ተነስታ በሩን ስትከፍት ቆም አለች። ኮሪደሩ ላይ አንድ አባት በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል። ዞር አለችና «እኚህ አባት እንዲህ ከተቀመጡ ቆዩ እንዴ? ትንሽ ከፍ ቢደረጉ ጥሩ ነበር። አያቴ እንደዚህ ተቀምጣ ነው የቆሰለችብን» አለች።

እስኪ አስቡት። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነው።

አንዷ ባልደረባችን «አያትሽን ማን ነበር የሚያገላብጣቸው?» አለቻት። «እኔ። ሁለት ዓመት። ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲቀሰቅሰኝ ስልኬን እሞላ ነበር።» ቁስሉ ሊጀምር ሲል በምን ታውቂ ነበር ስንላት ደግሞ፣ ወገቧ ግርጌና ተረከዟ ላይ በእጄ ጀርባ እዳስሳለሁ፣ ከሌላው ቦታ ሞቅ ካለ ወይ ጠጠር ካለ በዚያ ጎን አላስተኛትም አለች። ይሄ የሚነገር ነገር አይደለም፣ የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። የሕክምና መጽሐፉ የቆዳውን መቅላት ተመልከቱ፣ በጣት ስትጫኑት ካልነጣ ቁስል እየጀመረ ነው ይላል፤ ጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በቀላሉ አይታይም፤ መዳሰስ ያስፈልጋል። ልጅቷ ይሄንን ከአያቷ ጀርባ ነው የተማረችው።

እና ይሄ ሁሉ ሁለት ደቂቃው ውስጥ አልነበረም።

ለምን አላለችውም? እኔ የመሰለኝን ልንገራችሁ። አያትን ማስታመም እኛ ዘንድ ግዴታ ነው። ሰው ግዴታውን እንደ ሙያ ቆጥሮ አያወራም፤ ቢያወራ ውለታ እንደመቁጠር ይሆንበታል፣ ነውር ነው። ስለዚህ ቤት የሠራውን ቤት ትቶት ይመጣና ከስብሰባ የሰማውን ንግግር ይዞ ይገባል። ምናልባት ነው… ምናልባት ደግሞ ሐዘኗ ገና ነው፣ አንስታው እንዳታለቅስ ፈርታ ይሆናል። ይሄንን አላውቅም።

ለማንኛውም፣ ለምታመለክቱት ስል እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ደጋግሜ ጽፌያቸዋለሁ። በእሷ ቃል ቢሆን እንዲህ ይሆን ነበር፦

«እገሊት እባላለሁ፣ ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው፣ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። አያቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ማገላበጥ እንዳለብን ሳናውቅ ቆሰለችብን፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ካሳየችኝ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣት ነበር፣ እንደገና አልቆሰለችም። እናንተ ጋ ከአልጋ የማይነሱ አረጋውያን እንዳሉ ስለሰማሁ ነው የመጣሁት፤ እጄ የለመደው ሥራ ይሄ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት መምጣት እችላለሁ። ጥር ላይ ፈተና ስላለኝ ሁለት ቅዳሜ እቀራለሁ። ቁስል ማጠብ አልችልም፤ ካሳያችሁኝ እማራለሁ።»

ይሄ አንድ ደቂቃም አይሞላም። ቢቀር ይቅር፤ ሁለት ደቂቃ ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላ እንስራ አይደለም። ስምና ሰፈር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ብዙ ሰው ግን እዚያ ላይ ትምህርት ቤቱን፣ ሰርተፍኬቱን ሲዘረዝር ግማሽ ደቂቃ ይሄድበታል፤ እሱ ቅጹ ላይ አለ። ከዚያ የሆነ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ። ከዚያ ያ ነገር ከዚህ ቤት ሥራ ጋር የሚገናኝበት አንድ ዓረፍተ ነገር። ይሄኛው ከጎደለ ታሪኩ ያሳዝናል፣ ግን ለምን እኛ ጋ እንደመጣ አይነግረንም። ሰዓቱና የማይቻለው ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ ደግሞ የቀደመውን ያጸናዋል። «በማንኛውም ጊዜ እመጣለሁ» የሚል ሰው ያስፈራናል፤ ሥራውን ገና በዓይነ ሕሊናው አላየውም ማለት ነው።

«ለነፍሴ ብዬ ነው» የሚሉም አሉ፣ «የሥራ ልምድ ፈልጌ ነው» የሚሉም። ሁለተኞቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። አይድፉ። ክላሪና ስናይደር የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ሰው በጎ ፈቃደኛ የሚሆንባቸውን ስድስት ምክንያቶች ለይተዋል፤ የሙያ ልምድ መፈለግም አንዱ ነው። አንድ ሰው ውስጥም ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ አብረው አሉ። እኛን የሚያሳስበን ምክንያቱ ከሥራው ጋር መግጠሙ ነው። ለነርስነት ልምድ የፈለገች ልጅ አልጋ ላይ ካሉት ጋር ብትመደብ ትቆያለች፤ መጋዘን ውስጥ ልብስ እጠፊ ብትባል ግን ብዙም አትቆይም። ለነፍሱ የመጣውንም «ለነፍስህ ከሆነ ለምን ይሄን ሥራ መረጥክ?» እንለዋለን፤ መልሱ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዲት አክስት ወይም አንድ ጎረቤት አለች።

ቆይ፣ ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ወረቀቱን እንክፈተው ያልኩት እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ እምቢ አሉ፤ ምክንያታቸውም ጠንካራ ነው። ለእሷ በር ላይ የተናገረችውን ከቆጠርን፣ በር ላይ ዝም ብለው የወጡትስ? ኮሪደሩ ላይ ማንም ያልነበረላቸውስ? እውነት ነው። መልስ አጣሁ። ነጥቧ እንዳለ ቀረ፤ ስሟ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ነው።

የሚቀጥለው ዙር ላይ አመልካቹ ከመግባቱ በፊት ክፍሎቹን ቢዞር፣ አሥር ደቂቃ አረጋውያኑን ቢያያቸው፣ ከዚያ ቢናገር… ብዬ አስቤ ነበር። ግን እሱም አረጋውያኑን እንደ ትርኢት ማሳየት እንዳይሆን እፈራለሁ። አላወቅሁም።

እኚያ አባት ግን፣ እሷ እንደወጣች ሄጄ ቀና አደረግኳቸው። «ማናት ያቺ ልጅ?» አሉኝ። አመልካች ናት አልኳቸው። «መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉ።

እ… እስከ ሳምንት።